ከበረዶው ማሽን በፊት፦ ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቦርድ የሚቀርብ የውሳኔ ሰነድ እንዴት ይጻፋል?

(በሀዋሳ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቦርድ አባላት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጽሑፍ የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ በአሞራ ገደል በኩል ነበር ያለፍኩት። አባ ኮዳዎቹ እንደ ወትሮው ተሰልፈው ቆመዋል። እነዚያን ራሰ በራ ወፎች ሳይ ሁልጊዜ የሒሳብ ሹሞች ይመስሉኛል፤ ማኅበሩ የጣለውን እያንዳንዱን ዓሣ በዓይናቸው የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። ችግሩ ግን አባ ኮዳ የሚያየው የተጣለውን ብቻ መሆኑ ነው። በግማሽ ዋጋ የተሸጠውን አያይም። አብዛኞቹ የውሳኔ ሰነዶችም አያዩትም።

ስለ ውሳኔ ሰነድ በጥቅሉ ከማወራ አንድ ምሳሌ ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልሄድበት። ማኅበሩ ለትምህርት የፈጠርኩት ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸውና የእናንተን ቁጥር ወስዳችሁ ተኩባቸው። ሠላሳ ጀልባዎች ያሉት የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነው። ሐይቁ ላይ በዓመት 300 ቀን ይሠራል፤ በቀን በአማካይ 400 ኪሎ ዓሣ ያወጣል። ጥሩ ዓሣ በኪሎ 200 ብር ይሸጣል እንበል።

የዚህ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ለቦርዱ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦ «ችግር፦ ማኅበራችን የማቀዝቀዣ ክፍል የለውም።» እንዲህ ያለ አንቀጽ በተለያዩ ማኅበራት ሰነዶች ላይ ደጋግሜ አንብቤአለሁ። ይህ ግን ችግር አይደለም፤ የችግር ልብስ የለበሰ መፍትሔ ነው። ችግሩ «ማቀዝቀዣ የለንም» ከሆነ መልሱ ማቀዝቀዣ መግዛት ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የአማራጮች ክፍል ለይስሙላ ነው፤ ቦርዱ የሚመርጠው በትልቅና በትንሽ ማቀዝቀዣ መካከል ብቻ ነው።

ስለዚህ ረቂቁ ይቆይና ሚዛኑ ይቅደም። ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ሦስት ነገር ይመዘገባል፦ የተጣለው ስንት ኪሎ ነው፣ በቅናሽ የተሸጠው ስንት ኪሎ ነው፣ የተበላሸውስ የት ላይ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም የሚዛን ሠራተኛ ይመዘግባቸዋል። ሦስተኛውን ለማወቅ ግን ዓሣውን በሦስት ቦታ ማየት ያስፈልጋል፦ ከመረብ ሲወጣ፣ ከጀልባ ወርዶ ሲመዘን እና ማታ ሳይሸጥ ሲቀር። ለዚህ ላቦራቶሪ አያሻም። የስንጥቡን ክዳን ከፍ አድርጎ ማየት ነው፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ደህና ነው፣ ወደ ቡናማ ካደላ ጊዜው ሄዷል። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ ነው ወይስ ገብቶ ደፍርሷል? ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል ወይስ ጉድጓዱ እንዳለ ይቀራል? የዓሣ ነጋዴ እናቶች ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ቅጹን ያለ እነሱ የሚያዘጋጅ ሰው ይሳሳታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቆሮሶና አምባዛ ለየብቻ ይመዝገቡ። አምባዛ ከውኃ ከወጣም በኋላ አየር መተንፈስ ስለሚችል ብዙ ሰዓት በሕይወት ይቆያል። በመንጠቆ ተይዞ ገበያ ሲደርስ ገና ጅራቱን ይመታል። ቆሮሶ ግን መረብ ውስጥ እንደተያዘ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ሁለቱን ከደባለቃችኋቸው የአምባዛው ጤንነት የቆሮሶውን ጉዳት ይሸፍነዋል።

በምሳሌያችን የወሩ መዝገብ እንዲህ አለ፦ በቀን ከሚወጣው 400 ኪሎ 20 ኪሎ ይጣላል፣ 80 ኪሎ ደግሞ በ100 ብር ይሸጣል። ወደ ብር እንለውጠው። የተጣለው 4,000 ብር ነው። በቅናሽ የተሸጠው 8,000 ብር ያጎድላል። እንግዲህ አባ ኮዳ ያላየው ጉዳት ካየው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በቀን 12,000፣ በዓመት 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር። የችግሩ መጠን ይህ ነው፤ የትኛውም ፕሮጀክት ከዚህ በላይ ሊያድን አይችልም። «በዓመት አምስት ሚሊዮን ብር እናተርፋለን» የሚል ሰነድ ሲቀርብላችሁ ይህን ጣሪያ አስታውሱ።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ጉዳቱ የሚደርስበት ቦታ ነው። ከጉዳቱ 40 በመቶው የደረሰው ዓሣው መረብ ውስጥ እያለ ነው። መረቡ ከሰዓት በኋላ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሣል፤ አመሻሹ ላይ የተያዘ ቆሮሶ ሌሊቱን ሙሉ ሞቶ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ያድራል። 45 በመቶው ከጀልባው እስከ ሽያጩ ባሉት ሰዓታት፣ ፀሐይ ላይ የደረሰ ነው። ማታ ሳይሸጥ ቀርቶ የተበላሸው 15 በመቶ ብቻ ነው። የማቀዝቀዣ ክፍል የሚደርስለት ደግሞ ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ቅዝቃዜ መበላሸትን ያዘገያል እንጂ የተበላሸውን አይመልስም።

እነዚህን መቶኛዎች ወደ ብር ስንመልሳቸው በመረብ ውስጥ የሚጠፋው 1 ሚሊዮን 440 ሺህ፣ ከጀልባ እስከ ሽያጭ የሚጠፋው 1 ሚሊዮን 620 ሺህ፣ ማታ የሚጠፋው 540 ሺህ ብር ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይነሣል።

አሁን ወደ አማራጮቹ እንምጣ። የመጀመሪያው አማራጭ ባለንበት መቀጠል ነው። ብዙ ሰነዶች በዚህ ረድፍ ላይ «ወጪ፦ ዜሮ» ይላሉ። ዜሮ አይደለም፤ 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ነው፣ በየዓመቱ።

ሁለተኛው የማቀዝቀዣ ክፍሉ ነው። ከእነ ግድግዳ ፓነሉ፣ ከእነ ኮምፕሬሰሩና ጄኔሬተሩ 4 ሚሊዮን ብር፤ ለማንቀሳቀስ በዓመት 700 ሺህ ብር እንበል። ማዳን የሚችለው ከፍተኛው 540 ሺህ ብር ነው። ወጪውን መመለሱ ይቅርና የራሱን ዓመታዊ ወጪ እንኳን አይችልም። እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው እጁን ያነሣል፦ «ለዓቢይ ጾም እናከማችበታለን እኮ!» ብዙ ሰው በጾም ወቅት ወደ ዓሣ ስለሚዞር ሐሳቡ ያጓጓል። ነገር ግን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ በበረዶ የተያዘ ቆሮሶ የሚቆየው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ዓቢይ ጾም ራሱ 55 ቀን ነው። ለወራት ማቆየት ከተፈለገ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚያወርድ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ ያ ሌላ ማሽን፣ ሌላ የመብራት ሒሳብ፣ የቀዘቀዘ ዓሣ የሚቀበል ሌላ ገበያ ነው። በአንድ ሰነድ ሁለት ፕሮጀክት አይሸጥም።

ሦስተኛው በቀን ግማሽ ቶን የሚሠራ የበረዶ ማሽን ነው። ማሽኑ ከእነ ቤቱና ውኃ መስመሩ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር። በረዶው ጀልባ ላይ ካልወጣ ግን ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጀልባ ሙቀት የማያስገባ ሣጥን ያስፈልጋል። ሣጥን በ9,000 ብር ሒሳብ ለሠላሳ ጀልባ 270 ሺህ፣ በወደቡ ለሚቀመጡት ትልልቅ ሣጥኖችና ለሚዛን 80 ሺህ፣ በድምሩ 350 ሺህ ብር። ማሽኑን ለማንቀሳቀስ በዓመት 500 ሺህ ብር። አስገራሚው ነገር ከዚህ ውስጥ መብራት ትንሹ መሆኑ ነው። አንድ ቶን በረዶ ለመሥራት ወደ 60 ወይም 70 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ገንዘቡን የሚበሉት ኦፕሬተሩ፣ ጥበቃው፣ መለዋወጫውና መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ናቸው።

አራተኛው አማራጭ እነዚያኑ ሣጥኖች ገዝቶ በረዶውን ከሌላ ሰው መግዛት ነው። ስንት በረዶ? አንድ ኪሎ ዓሣን ከ25 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ሩብ ኪሎ በረዶ ብቻ ይበቃል። የተቀረው በረዶ የሚሄደው ከውጭ የሚገባውን ሙቀት ለመመከት ነው። ሣጥን ከሌለ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ይሄዳል፤ ጥሩ ሣጥን ካለ ግማሹ እንደሚበቃ እንውሰድ። ለ400 ኪሎ ዓሣ 200 ኪሎ በረዶ ማለት ነው፤ ለአንድ ጀልባ ሰባት ኪሎ አይሞላም። በኪሎ 8 ብር ብንገዛ በዓመት 480 ሺህ፣ ለማጓጓዣና ለአንድ ሠራተኛ 220 ሺህ፣ በድምሩ 700 ሺህ ብር። በረዶው ከሚጠጣ ውኃ የተሠራ መሆን አለበት፤ በሐይቅ ውኃ የተሠራ በረዶ ዓሣውን እያቀዘቀዘ ጀርም ይጨምርበታል።

ጥቅሙስ? በረዶ በጀልባ ላይ የሚያድነው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጉዳት ነው፤ የሁለቱ ድምር 2 ሚሊዮን 160 ሺህ ብር ነው። ሁሉንም አያድንም፤ 60 በመቶውን እንያዝ፤ ወደ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር ይመጣል። በረዶው ተገዛም ተሠራም ለዓሣው አንድ ነው፤ ጥቅሙም አንድ ነው።

ቦርድ የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት። የማሽኑን አማራጭ ብቻውን ብታዩት ያምራል። ጥቅም 1 ሚሊዮን 300 ሺህ፣ ማንቀሳቀሻ 500 ሺህ፣ የተጣራ 800 ሺህ ብር በዓመት። ከእነ ሣጥኑ 2 ሚሊዮን 550 ሺህ ወጥቶበት በሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ይመለሳል። የማሽን ሻጩም ይህንኑ ስሌት ያሳያችኋል፤ ስሌቱ ውሸት የለበትም። ግን ከምን ጋር እያወዳደረ ነው? ምንም ካለማድረግ ጋር ነው። አራተኛው አማራጭ በ350 ሺህ ብር ብቻ በዓመት 600 ሺህ የተጣራ ያስገኛል፤ በሰባት ወር ይመለሳል። እንግዲህ ለማሽኑ የምትጨምሩት 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር የሚያመጣው ተጨማሪ ጥቅም ስንት ነው? ከ600 ሺህ ወደ 800 ሺህ፤ ሁለት መቶ ሺህ ብር ብቻ። ለመመለስ 11 ዓመት ይፈልጋል። ማሽኑ ራሱ አሥር ዓመት ከሠራ እድለኞች ናችሁ። ያው ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 154 ሺህ ያስገኛል፤ ዋናውም አይዝግም።

በሰነዱ ላይ ሁሉም አማራጭ ከዜሮ ጋር ብቻ ሲነጻጸር ባያችሁ ጊዜ አቁሙትና «ከእሱ ቀጥሎ ካለው ርካሽ አማራጭ ጋር አወዳድሩልን» በሉ።

ስለ ማሽኑ ዋጋ ሌላም ነገር አለ። ፕሮፎርማው በብር ይጻፍ እንጂ ማሽኑ የሚመጣው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 መጨረሻ የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር እንዳለፈ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ የፕሮፎርማው ማብቂያ ቀን ከዋጋው እኩል መነበብ አለበት። ቦርዱ በሚያጸድቅበትና ገንዘቡ በሚከፈልበት ቀን መካከል ዋጋው ቢጨምር ማን ይሸከማል? መልሱ በሰነዱ ውስጥ ከሌለ ማኅበሩ ነው የሚሸከመው።

አራተኛው አማራጭም ድክመት አለበት፤ ደብቆ ማቅረብ ደግሞ ከመዋሸት አይለይም። የሌላ ሰው በረዶ ላይ ጥገኛ ያደርጋል። ሙቀት ሲበረታ ሆቴሎችም በረዶ ይሻሉ፤ እናንተ በጣም በምትፈልጉበት ቀን ያጥራል። ዋጋውም ሊጨምር ይችላል። እንግዲህ የት ድረስ ይችላል? በዓመት የምንገዛው 60,000 ኪሎ ነው፤ አንድ ብር በጨመረ ቁጥር 60 ሺህ ብር እናጣለን። 14 ብር ሲደርስ ማሽኑ በአራት ዓመት መመለስ ይጀምራል፤ ያኔ ጉዳዩን እንደ አዲስ ማየት ተገቢ ነው። 18 ብር ከደረሰ ደግሞ በረዶ እየገዙ መቀጠል ትርፉን ሙሉ በሙሉ ይበላዋል። ያቺ 60 በመቶ ደግሞ ግምት ናት። ወደ 32 በመቶ ብትወርድ ጥቅሙ ወጪውን ብቻ ይሸፍናል። ቦርዱ ማወቅ ያለበት ግምቱ ትክክል መሆኑን ብቻ አይደለም፤ ግምቱ ስንት ሲስት ውሳኔው እንደሚበላሽ ነው።

ሁለት አጫጭር ነገሮች ልጨምር። ሰነዱ የዓሣው ምርት በየዓመቱ አሥር በመቶ ያድጋል የሚል ከሆነ ያንን ረድፍ ሰርዙት። ሐይቁ የማኅበሩን ዕቅድ አላነበበም፤ ያለው ዓሣ ውስን ነው። ሁለተኛ፣ ጥቅሙ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ማኅበሩ በበረዶ የመጣውንም ፀሐይ ላይ የዋለውንም ቆሮሶ በአንድ ዋጋ የሚረከብ ከሆነ፣ ሰባት ኪሎ በረዶ ተሸክሞ የሚወጣ አስጋሪ አይኖርም። ሣጥኑ በሁለተኛው ወር የልብስ ማስቀመጫ ይሆናል። ሚዛኑ ላይ ሁለት ዋጋ ካልተጻፈ ፕሮጀክቱ ገና አልተጀመረም።

የውሳኔ ሐሳቡ እንግዲህ ይህን ይመስላል። ቦርዱ ዛሬ ማሽን እንዲገዛ አይጠየቅም። 350 ሺህ ብር ለሣጥንና ለሚዛን፣ 350 ሺህ ብር ለስድስት ወር በረዶና ማጓጓዣ፣ በድምሩ 700 ሺህ ብር እንዲፈቅድ ይጠየቃል። የሁለት ደረጃ ዋጋው በዚያው ቀን እንዲጸድቅ፣ ምዝገባውም እንዲቀጥል። በስድስት ወሩ ማብቂያ በረዶ በወር ከአራት ቀን በላይ ከጠፋ ወይም ዋጋው 14 ብር ላይ ከቆየ የማሽኑ ጥያቄ ተመልሶ ይምጣ። በረዶ ሊያድነው ከሚችለው 2 ሚሊዮን 160 ሺህ ብር ጉዳት የዳነው ከሲሶ በታች ከሆነ ደግሞ ሥራው ይቁም። «ይቁም» የሚል ዓረፍተ ነገር የሌለው የውሳኔ ሐሳብ ስታዩ አቅራቢውን ለምን እንዳልጻፈው ጠይቁት።

አሁን ከእናንተ መካከል የመረቡ 40 በመቶ የት ገባ የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ይህን ምሳሌ መጀመሪያ ሳቀርብ በኩራት ነበር የተናገርኩት፦ መረቡ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሳይሆን ሌሊት በአሥር ሰዓት ቢነሣ ከ1 ሚሊዮን 440 ሺው ግማሹ ይድናል፣ ያውም በነፃ። ይህን ጥቅም በማሽኑ ሒሳብ ላይ የሚደምር ካለ ያጭበረብራል፤ መረቡን ለማንሣት በረዶ አያስፈልግምና፤ እያልኩ ቀጠልኩ። አንድ የዕድሜ ባለጸጋ አስጋሪ ከኋላ ተነሡ። «ልጄ፣ የእኛ እንቅልፍ በነፃ ነው እንዴ?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ግን አፈርኩ። በማግስቱ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። ለእያንዳንዱ ጀልባ የሌሊት አበል 60 ብር ቢታሰብ በዓመት 540 ሺህ ብር ይሆናል። ከሚድነው 720 ሺህ ሲቀነስ የሚተርፈው 180 ሺህ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ይተርፋል፤ ግን በሠላሳ ጀልባ ለመጀመር አያስደፍርም። ለአሥር ጀልባ፣ ለሦስት ወር፣ ለ75 የሥራ ቀን ይሞከር ብንል አበሉ 45 ሺህ ብር ነው።

በዚህ ምክንያት ቦርዱ የሚጠየቀው ገንዘብ ከ700 ሺህ ወደ 745 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። ከጎኑ ባለው የምክንያት ረድፍ ላይ የተጻፈው «እንቅልፍ» የሚል አንድ ቃል ነው።